ሁለት ባትሪ ባለው ሰርኪዩት ኔጋቲቭ ሆኖ የወጣው ከረንት

ዛሬ የኪርቾፍን የኖድና የሉፕ ሕጎች ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሳስረዳ፣ ከመልሶቹ አንዱ ኔጋቲቭ የሚወጣበትን ጥያቄ ሆን ብዬ መረጥኩ። ሕጎቹን በቃሉ የሚወጣ ተማሪ እንኳ የሚደናገረው ሁለተኛ ምንጭ ሲጨመርና አንዱ ከረንት ካሰበው አቅጣጫ በተቃራኒ ሲፈስ ነው።

ሰርኪዩቱ ሦስት ቅርንጫፎች አሉት፤ ሦስቱም ከላይ በአንድ ኖድ፣ ከታች ደግሞ በሌላ ኖድ ይገናኛሉ። በግራው ቅርንጫፍ የ12 ቮልት ባትሪና የ2 ኦም ሬዚስተር፣ በቀኙ የ6 ቮልት ባትሪና የ6 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ ተያይዘዋል፤ በመካከለኛው ያለው አንድ የ9 ኦም ሬዚስተር ብቻ ነው። የሁለቱም ባትሪዎች ፖዘቲቭ ጫፍ ወደ ላይኛው ኖድ ይመለከታል። I1 ከግራ፣ I2 ከቀኝ ወደ ላይኛው ኖድ እንደሚገቡ፣ I3 ደግሞ በመካከለኛው ሬዚስተር በኩል እንደሚወርድ አድርገን ቀስቶቹን ሣልን። የቀስቱ አቅጣጫ ግምት ነው፤ ትክክል መሆን አይጠበቅበትም፤ አንዴ ከተሣለ በኋላ ግን እስከ መጨረሻው ሳይነካ መቆየት አለበት።

ወደ ኖዱ የሚገባው ከረንት ከሚወጣው ጋር እኩል ስለሆነ የመጀመሪያው እኩልታ ወዲያው ይገኛል፤ የታችኛው ኖድም ያንኑ ስለሚደግም አዲስ ነገር አይጨምርልንም። አንድ ሉፕ ዞረን ስንመለስ የቮልቴጆቹ ድምር ዜሮ ስለሚሆን፣ የቀሩትን ሁለት እኩልታዎች ከግራውና ከቀኙ ሉፕ እናገኛለን።

```
I1 + I2 = I3
12 − 2·I1 − 9·I3 = 0
6 − 6·I2 − 9·I3 = 0
```

እዚህ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ የወሰድኩት ስለ ምልክት ለማስረዳት ነው። በሬዚስተር ላይ ቮልቴጁ ከከረንቱ ቀስት ጋር አብረን ስንሄድ ይቀነሳል፣ በተቃራኒው ስንሄድ ይደመራል፤ የባትሪው ምልክት ግን በየትኛው ጫፍ ገብተን በየትኛው እንደምንወጣ ብቻ ይወሰናል፤ ከረንቱ ወዴትም ቢፈስ አይለወጥም። ውጪኛውን ትልቅ ሉፕ አራተኛ እኩልታ ማድረግ የፈለጉም ነበሩ፤ እሱ ግን የሁለቱ ሉፖች ልዩነት ስለሆነ ለማረጋገጫ እንጂ ለመፍትሔ አይረዳም።

በI3 ቦታ I1 + I2 ስንተካ የሚቀሩት 11·I1 + 9·I2 = 12 እና 9·I1 + 15·I2 = 6 ናቸው። ሲፈቱ I1 = 1.5፣ I2 = −0.5፣ I3 = 1 አምፔር ይሆናሉ።

አንዲት ተማሪ፣ «መምህር፣ ባትሪ ከረንት ይቀበላል እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ከክፍለ ጊዜው ሁሉ የተሻለው ጥያቄ ይህ ነበር። አዎ፣ ይቀበላል። በመካከለኛው ሬዚስተር ላይ 1 አምፔር ስለሚያልፍ በሁለቱ ኖዶች መካከል 9 ቮልት አለ፤ 6 ቮልቱ ባትሪ ደግሞ ከዚያ ያነሰ ስለሆነ ከረንቱ በፖዘቲቭ ጫፉ በኩል ይገባበታል። ሒሳቡን በኃይል ስናየውም ይስማማል፦ 12 ቮልቱ ባትሪ 18 ዋት ይሰጣል፤ ሬዚስተሮቹ 4.5፣ 1.5 እና 9 ዋት ወደ ሙቀት ይለውጣሉ፤ የቀረውን 3 ዋት ሁለተኛው ባትሪ ይወስዳል።

ብዙ ጊዜ የማየው ስሕተት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ተማሪው ኔጋቲቩን ሲያይ ደንግጦ ምልክቱን ይሰርዝና 0.5 ብሎ ይጽፋል፤ ቀስቱን ግን እንዳለ ይተወዋል። ያኔ ወደ ኖዱ 2 አምፔር ገብቶ 1 ብቻ ይወጣል፤ ስሕተቱ በአንድ መስመር ይጋለጣል። ቀስቱን ማዞር የሚፈልግ ምልክቱንም አብሮ መለወጥ አለበት፤ አንዱን ብቻ መለወጥ አይቻልም።

ምልክቱን እኩልታ ሳይፈቱ አስቀድሞ ማወቅም ይቻላል፤ እኔ በበኩሌ ይህን ከስሌቱ አብልጬ እወደዋለሁ። የቀኙን ቅርንጫፍ ከሰርኪዩቱ ብንነቅለው በኖዶቹ መካከል የሚቀረው 12 × 9/11፣ ማለትም 9.8 ቮልት ያህል ነው። ሁለተኛው ባትሪ ከዚህ ከበለጠ ከረንት ይሰጣል፤ ካነሰ ይቀበላል፤ እኩል ከሆነ በቅርንጫፉ ምንም አይፈስም። የ6 ኦሙ ሬዚስተር የከረንቱን መጠን ይወስናል እንጂ አቅጣጫውን አይወስንም።

ይህንን ሰርኪዩት በቤተ ሙከራ ለመገጣጠም የሚነሡትን አንድ ነገር አሳስቤአቸዋለሁ። በሁለተኛው ባትሪ ፈንታ ተራ የቤተ ሙከራ ፓወር ሰፕላይ ቢያስገቡ፣ ብዙዎቹ የተሠሩት ከረንት ለመስጠት እንጂ ለመቀበል ስላልሆነ፣ በጫፎቹ ላይ ያለው ቮልቴጅ ከ6 በላይ ሊወጣና የሚለኩት ከስሌታቸው ጋር ላይገጥም ይችላል። ለመሙላት ያልተሠራ ደረቅ ባትሪም ቢሆን ከረንት ሲገባበት ሊሞቅና ሊያፈስ ስለሚችል፣ ለዚህ ቅርንጫፍ የሚሆነው እንደገና የሚሞላ ባትሪ ነው።