ቡናማውን አሰፋሁት፣ ጥቁሩን ተውኩት

ባለፈው ክረምት፣ ሐምሌ ሲያልቅ፣ ሁለት ጥንድ ጫማ በአንድ ፌስታል ይዤ ከቤት ወጣሁ። ቡናማው ስድስት ዓመት አገልግሎኛል። ተረከዙ በውጭ በኩል ተበልቷል፤ እግር በሚታጠፍበት ቦታ ሶሉ ተሰንጥቆ ውኃ ያስገባል። ጥቁሩ ደግሞ ለሠርግና ለበዓል ብቻ የማወጣው፣ ከተገዛ ሦስት ዓመት የሆነው፣ ላዩ አሁንም የሚያበራ ጫማ ነው። አንድ እሑድ ከካርቶኑ አውጥቼ ስጫማው የፊቱ ሶል አፉን ከፈተ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ‹‹የትኛው ይጠገን?›› የተባለ ሰው ሁሉ ጥቁሩን የሚመርጥ ይመስለኛል። እኔም ያንኑ መረጥሁ። ቡናማውን ለመጣል፣ ጥቁሩን ለማስጠገን ቆርጬ ነበር።

መምህር ነኝ። በባሕር ዳር ጎዳናዎች በቀን አንድ ሰዓት ያህል በእግሬ እሄዳለሁ፤ ክረምት ከበጋ። ስለዚህ ጫማ ለእኔ የወር ወጪ ነው፤ ገንዘቤን የት እንደማውለው ማወቅ እፈልጋለሁ።

መንገድ ዳር የተቀመጠ አንድ ወጣት የጥቁሩን ሶል በ80 ብር በማስቲሽ ለጠፈልኝ። በሳምንቱ ተላቀቀ። ወስጄ ብመልስለት ደግሞ ለጠፈው፤ ይኼኛው አራት ቀን ብቻ ቆየ። ማስቲሹ የተበላሸ ነው፣ ወይም ልጁ ሥራውን አያውቅም ብዬ ደመደምሁ። በመጨረሻ ወደ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ አጠገብ በሸራ ጥላ ሥር ወደሚሠሩ አንድ አረጋዊ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄድሁ።

ጥቁሩን ተቀብለው የተላቀቀውን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ፋቅ አደረጉት። ከሶሉ እንደ ደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ ረገፈ። ከዚያ ተላቆ የተንጠለጠለውን የማስቲሽ ንጣፍ አሳዩኝ፤ በአንድ ገጹ ላይ የዚያው ሶል ብናኝ እንደ አሸዋ ተጣብቆበታል።

‹‹መምህር፣ ማስቲሹ አልለቀቀም። የያዘውን እንደያዘ ነው። ራሱን የለቀቀው ሶሉ ነው›› አሉኝ።

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ቀላል፣ ለስላሳ፣ ውስጡ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳ ያለው ሶል ብዙ ጊዜ የሚሠራው ፖሊዩረቴን ከሚባል ነገር ነው። ሲራመዱበት ይመቻል፤ ክብደትም የለውም። ነገር ግን በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ቀስ እያለ ይገባበትና ቁሱን አያይዞ የያዘውን ሰንሰለት ይበጣጥሰዋል። ሙቀት ሲጨመርበት ይፈጥናል። ለዚህ ጫማውን መልበስ እንኳ አያስፈልግም፤ በካርቶን ተቀምጦም ይበሰብሳል። የእኔ ጥቁር ጫማ በጣና ዳር ከተማ ሦስት ክረምት ያሳለፈው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ አልጋ ሥር፣ እርጥበቱን እንደያዘ ነው። ለመጠበቅ ብዬ ያደረግሁት ነገር ጎዳው።

ምልክቱን ማየት ቀላል ነው። ሶሉን በጥፍር ሲጭሩት ከፈረፈረ፣ ወይም በእጅ ሲነኩት ከተጣበቀ፣ ወይም ሲያጥፉት ከላይ እስከ ታች የሚሄድ ጥልቅ ስንጥቅ ከከፈተ፣ ማስቲሽ የሚይዘው ጤነኛ አካል የለም። ጎማ ሶል ግን እንዲህ አይፈረፍርም፤ ያልቃል፣ ይሳሳል፣ ይቀደዳል እንጂ። ስለዚህ የተላቀቀ ጎማ ሶል በማስቲሽ ይድናል፤ የተላቀቀ የሚፈረፍር ሶል አይድንም። ወጣቱን በልቤ ያማሁት ያለ አግባብ ነበር። የሠራው የማይቻል ሥራ ነው፤ ምነው ሳይለጥፍ በፊት በጥፍሩ በሞከረው።

‹‹ሙሉ ሶሉ ተነሥቶ ሌላ ቢገባለትስ፣ ጋሼ?›› አልኋቸው። ይቻላል አሉ፤ ሒሳቡ ግን 900 ብር ነው። ከዚያ በፊት ላዩን እንይ ብለው ጫማውን ጣቶች በሚታጠፉበት በኩል አጠፉት። ያ የሚያምረው አንጸባራቂ ገጽ በእጥፋቱ ላይ እንደ ቀጭን ቅርፊት ተነሣ፤ ከሥሩ ግራጫ፣ ጸጉራም ቃጫ ታየ። ፊቱ በቀለም ንጣፍ የተሸፈነ ርካሽ ቆዳ ነው። ንጣፉ ከተነሣ የጫማ ቀለምም ሆነ ቅባት አይመልሰውም፤ ውኃም በዚያ በኩል ይገባል።

ከዚያ ቡናማውን ከፌስታሉ አወጣሁ። ለማስጠገን ሳይሆን፣ አጠገባቸው ያለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ልተወው ነበር። እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝ፤ ሶሉን ግን ለረጅም ጊዜ አላዩትም። ያዩት ላዩን ነው።

በመጀመሪያ እጃቸውን ወደ ውስጥ ከትተው እጥፋቱን ከውስጥ ገፉት። ቆዳው ብዙ መስመር አለው፤ መስመሩ ግን ሽብሽብ እንጂ ስንጥቅ አይደለም። ልዩነቱን አሳዩኝ። ሽብሽብ ሲለጠጥ ይጠፋል፤ ስንጥቅ ሲለጠጥ ይከፈትና የቆዳው ቃጫ ይታያል። ስንጥቁ እስከ ገበሩ ከደረሰ ጫማው አብቅቷል፤ ምክንያቱም በየእርምጃው የሚታጠፈው ያ ቦታ ነውና ልጣፍ አይቆይበትም። ቀጥለው የኋላውን፣ ተረከዝን አቅፎ የሚይዘውን ጠንካራ ክፍል በሁለት ጣት ጨመቁት፤ አልተጨፈለቀም። ጫማውን በሣጥናቸው ላይ አቁመው ከኋላ አዩት። ታኮው ስለተበላ ጋደል ብሏል፤ ከተበላው በኩል አንድ ቁራጭ ጎማ ሲደግፉበት ግን ቀጥ ብሎ ቆመ። ቢደገፍም የሚጋደል ጫማ ቅርጹ ራሱ የተጣመመ ነው፤ አዲስ ታኮ አያቀናውም።

በመጨረሻ አፍንጫውንና ተረከዙን ይዘው አጠፉት። ጣቶች በሚጀምሩበት ቦታ ታጠፈ። መሐል እግር ላይ ቢታጠፍ ኖሮ በሶሉና በውስጠኛው ንጣፍ መካከል የተቀበረው የብረት ወይም የእንጨት ድጋፍ ተሰብሯል ማለት ነበር። ‹‹ይኼ ገና ነው፤ ይሰፋል›› አሉና 850 ብር ጠየቁኝ፤ ሙሉ ጎማ ሶልና ታኮ፣ በማስቲሽም በክርም።

ቤት ገብቼ ደብተር ላይ አሰላሁት። ከቡናማው ጋር የሚቀራረብ አዲስ ጫማ ሳጠያይቅ 4,200 ብር ነበር። ሶሉ ሦስት ዓመት ቢቆይልኝ በወር 117 ብር ያህል ይሆናል። 850 ብር ያወጣሁበት ጥገና ከዚህ እንዲረክስ ቢያንስ ስምንት ወር መቆየት አለበት። ቆዳው፣ ተረከዙና መሐሉ ጤነኛ ስለሆኑ ይህን መጠበቅ ይቻላል። የጥቁሩ 900 ብር ግን የተመሠረተው ላዩ በተላጠ ጫማ ላይ ነው። ከግማሽ ዓመት በላይ እንደማይቆይ ብገምት በወር 150 ብር ነው። ብዙ ሰው የጥገናውን ዋጋ ከአዲሱ ዋጋ ጋር ብቻ ያነጻጽርና ‹‹ከግማሽ በታች ከሆነ ላስጠግን›› ይላል። እኔ ያንን ትቻለሁ። የጥቁሩም ጥገና ከአዲሱ ዋጋ ግማሽ በታች ነበር፤ ቢሆንም ኪሳራ ነው። የማነጻጽረው የላዩን ቆዳ ቀሪ ዕድሜ ይዤ ነው።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ፤ ለዚህ ጥፋቱ የእኔ ነው። ጫማውን የሰጠኋቸው ከዘጌ በተመለስሁ ማግስት ነበር፤ በቡና ጥላ ሥር ያለው መንገድ ጭቃ ስለነበረ እስከ ውስጥ ርሷል። እንዲደርቅልኝ ብዬ ከሰል አጠገብ አስቀምጬው ነበር። ‹‹ከሰል ቆዳን ያበስለዋል›› ብለው ተቆጡ። በፍጥነት የደረቀ ቆዳ ቅባቱን አጥቶ ይገተራል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ትክክለኛው ጋዜጣ ጨብጦ ውስጡ መክተት፣ ጋዜጣው ሲርስ መለወጥ፣ ጥላ ውስጥ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ማቆየት ነው። ለጥገናም ቢሆን እርጥብ ጫማ አይሆንም፤ ማስቲሽ በእርጥበት ላይ አይይዝም።

ሲደርቅ አጠገባቸው ተቀምጬ አየሁ። አሮጌውን ሶል በጉጠት ገነጠሉ፤ የቀረውን ማስቲሽ ፋቁ፤ የጫማውንም የአዲሱንም ጎማ ገጽ በሞረድ አሻከሩ። ማስቲሹን በሁለቱም ገጽ ላይ በስሱ ቀብተው ጎን ለጎን አስቀመጧቸውና ሌላ ሥራ ጀመሩ። ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቀው፣ ጣት ሲነካው የማይከተል ሲሆን፣ ገጠሟቸውና ከመሐል ወደ ጠርዝ በመዶሻ ቀጠቀጡ። ከዚያ በወስፌ ዙሪያውን እየወጉ በሰም በተሻሸ ክር ሰፉት። ማስቲሽ እርጥብ እያለ የተጋጠመ ሶል ለጊዜው የያዘ ይመስላል፤ ውስጡ የታፈነው ፈሳሽ ግን መያዣውን ያደክመዋል። ስለዚህ ማስቲሽ ቀብቶ ወዲያው የሚገጥም ሰው ሳይ አሁን ጫማዬን መልሼ እወስዳለሁ።

የመኪና ጎማ ሶል ይሁንልኝ ብዬም ጠይቄያቸው ነበር፤ ዕድሜው ረጅም ነው ሲባል ሰምቼ። አልተቀበሉኝም። ለሰንደል ጥሩ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነት ቀጭን ቆዳ ግን ይከብዳል፣ በቀላሉም አይታጠፍም። ሶሉ አልታጠፍ ሲል ጉልበቱ በሙሉ ወደ ስፌቱና ወደ ላዩ ቆዳ ይዞራል። የማያልቅ ሶል፣ የሚቀደድ ላይ።

ጫማውን ለአንድ ሙሉ ቀን ሳልረግጠው አሳደርሁት። ከነሐሴ ጀምሮ እስከ ዘንድሮ ሰኔ፣ በትንሹ አሥራ አንድ ወር፣ አድርጌዋለሁ፤ በወር ወደ 77 ብር ወርዷል ማለት ነው። በመካከል ታኮው ሲበላ በሚያዝያ አስቀየርሁት። የታኮ ጎማ ብቻውን ሲቀየር ዋጋው ጥቂት ነው፤ ጎማው አልቆ ከላዩ ያለው የታኮ አካል መሬት መንካት ሲጀምር ግን ሥራው እጥፍ ይሆናል። ድሮ ይህን ችላ ማለቴ ነው ጫማውን ያጋደለው።

ጥቁሩን አልወሰድሁትም። ጋሼ ማሰሪያውንና የቀለበቶቹን ብረት አወለቁ፤ ከተረከዙ በኩል ያልተላጠውን ቆዳ ለልጣፍ ቆርጠው አስቀሩ። ባለፈው ሳምንት ቡናማውን ሳሳያቸው ደግሞ ገልብጠው የስፌቱን መስመር በጣታቸው ተከተሉት። ወስፌው የወጋቸው ቀዳዳዎች ተቀራርበው የቆዳው ጠርዝ እንደ ቴምብር ዳር ሆኗል። አንድ ጊዜ ደግሞ በዚያው ላይ ቢሰፋ በቀዳዳዎቹ ተከትሎ እንደሚቀደድ ነገሩኝ። ‹‹የሚቀጥለው በማስቲሽ ብቻ ነው፤ ዋጋውም ያንሳል፣ ዕድሜውም ያንሳል። ከዚያ ወዲያ አታምጣው›› አሉኝ። ደብተሬ ላይ ከ850ው ሥር ጻፍሁት።