ወይን ጠጁ ጥልፍ ቡኒ የመሰለበት ሳምንት

ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ውስጥ የሐበሻ ቀሚስ የሚጠለፍበት አንድ አነስተኛ ቤት አለ። ሥራው በየሳምንቱ በስልክ ይቀረጽና በቴሌግራም ለደንበኞች ይላካል። አንድ ቀን ከደብረ ማርቆስ ቀሚስ ያዘዘች ደንበኛ ዕቃውን መለሰችው። «ቡኒውን ነበር ያዘዝኩት፤ የመጣልኝ ወይን ጠጁ ነው» አለች። ቤቱ ግን ቡኒ ጥልፍ ሠርቶ አያውቅም። ደንበኛዋ ያየችው አንዱኑ ቀሚስ በሁለት ቪዲዮ ነው፤ በመጀመሪያው ወይን ጠጅ፣ በሁለተኛው ቡኒ ሆኖ።

የጥልፍ ቤቱ ባለቤት መጀመሪያ የጠረጠሩት ክሩን ነበር። ጥቅልሉን ከቀሚሱ ጋር በር ላይ አውጥተው አስተያዩት፤ አንድ ነው። ከዚያ የሠርግ ቪዲዮ የሚያነሳ የጎረቤት ልጅ ተጠራና ሁለቱን ቪዲዮዎች ተራ በተራ አየ።

«እትዬ፣ ክሩ ምንም አልሆነም። የተለያየው ብርሃኑ ነው።»

«ታዲያ ሌላ አምፖል ልጨምር?»

«አይጨመርም። ይልቅ እንቀንስ።»

የመጀመሪያው ቪዲዮ የተቀረጸው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ መስኮቱ ተከፍቶ ነው። ሁለተኛው የተቀረጸው ከስድስት ቀን በኋላ፣ ወደ ማታ 12 ሰዓት ሲል ነው። በዚያ ሰዓት ከመስኮቱ የሚገባው ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ የሰማይ ብርሃን ሲሆን ጣሪያው ላይ ደግሞ ቢጫ አምፖል በርቷል። ስልኩ በራሱ ፈቃድ ቀለም እንዲያስተካክል ስለተተወ በሁለቱ መካከል አንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ የቀሚሱ ግራ ጎን ሰማያዊ፣ ቀኝ ጎኑ ቢጫ ሆነ። ወይን ጠጅ ላይ ቢጫ ብርሃን ሲያርፍ ቡኒ ይመስላል።

የስልኩ ነፃነት ሌላም ጣጣ ነበረው። ስልክ በራሱ ብርሃን ሲለካ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ይፈልጋል። ምስሉን ነጭ ቀሚስ ሲሞላው «በዛ» ብሎ ያጨልመዋል፤ ነጩ ሸማ አመድ ይመስላል። ጥቁር ካባ ሲሞላው ደግሞ ያፈካዋል። አምፖሉ ሳይነካ፣ ልብሱ ብቻ ተቀይሮ የክፍሉ ግድግዳ ከቪዲዮ ቪዲዮ የሚፈካውና የሚጨልመው በዚህ ምክንያት ነው።

ልጁ መስኮቱን በጥቁር ላስቲክ ሸፈነ፣ ላዩ ላይ መጋረጃውን መለሰ፣ የጣሪያውን አምፖል አጠፋ። መብራቱ አንድ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ፤ ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ የተገዛ 30 ዋት ነጭ ኤልኢዲ ፓውዛ። ፓውዛ የተመረጠው ብርሃኑን ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚልክ ነው። ክብ አምፖል በየአቅጣጫው ይረጫል፤ በ3 ሜትር በ3 ሜትር ክፍል ውስጥ ደግሞ የተረጨው ሁሉ ከግድግዳ ተመልሶ ይመጣል።

ፓውዛ ራቁቱን ሲበራ ጥላው እንደ ቢላ የሰላ ነው፤ የጥልፉ ክር ያበራል፣ የቀሚሱ እጥፋት ግን ድፍን ጥቁር ይሆናል። ስለዚህ 80 ሴንቲ ሜትር በ80 ሴንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ክፈፍ ላይ አቡጀዲ ተወጥሮ ከፓውዛው 40 ሴንቲ ሜትር ፊት ለፊት ቆመ። ከዚያ ወዲያ ለቀሚሱ መብራቱ ፓውዛው አይደለም፤ መብራቱ አቡጀዲው ነው። የብርሃኑን ልስላሴ የሚወስነው ጨርቁ ምን ያህል ሰፊና ለልብሱ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ነው። አቡጀዲው ያልተነከረና አዲስ ነጭ ይሁን፤ ያረጀ ቢጫ ብርሃኑንም ቢጫ ያደርገዋል። የፓውዛው ብረት ስለሚግል ጨርቁ ፈጽሞ ሊነካው አይገባም።

ክፈፉ ቀሚሱን ከለበሰው አሻንጉሊት በስተግራ 1 ሜትር ርቆ ከትከሻ ትንሽ ከፍ ብሎ ተተከለ። ፊት ለፊት አልተደረገም፤ ፊት ለፊት የመጣ ብርሃን የጥልፉን እብጠት ያጠፋዋል፣ ክሩ የታተመ ሥዕል ይመስላል። ከጎን ሲመጣ እያንዳንዱ ስፌት የራሱን ትንሽ ጥላ ይጥላል፤ የእጅ ሥራ መሆኑም ይታያል።

አሁን የቀረው የጥላው ጎን ነው። አስቸጋሪውም እሱ ሆነ። ፓውዛው ብቻ በርቶ፣ መስኮቱ ተደፍኖ፣ የስልኩ ቀለም ተቆልፎ እያለ የነጩ ቀሚስ ቀኝ ጎን አረንጓዴ ነገር ያዘ። ልጁ አንድ ነጭ ወረቀት እንደ ጎጆ ጣሪያ ለሁለት አጥፎ አሻንጉሊቱ በቆመበት ቦታ፣ አንዱን ክዳን ወደ ፓውዛው፣ ሌላውን ወደ ቀኙ ግድግዳ አዙሮ አቆመውና ቀረጸው። ወደ ፓውዛው የዞረው ክዳን ነጭ ነው፤ ወደ ግድግዳው የዞረው ግን አረንጓዴ። ግድግዳው የተቀባው ውሃ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ነበር። የዘይት ቀለም ያብለጨልጫል፤ ፓውዛው የላከውን ብርሃን በራሱ ቀለም ነክሮ ወደ ቀሚሱ ይመልሰዋል። ሳያውቁት ግድግዳው ሁለተኛ መብራት ሆኖ ኖሯል።

ይህን ስህተት ዋይት ባላንስ በሚባለው የስልኩ የቀለም ማስተካከያ ማረም አይቻልም። ዋይት ባላንስ ምስሉን በሙሉ ነው የሚገፋው፤ የጥላውን አረንጓዴ ሲያጠፋ ብርሃን የሚያገኘው ጎን ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። ብዙ ሰው ሰዓታት የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው፤ መድኃኒቱ ያለው ክፍሉ ውስጥ ነውና።

የቀኙ ግድግዳ ጥቁር ጨርቅ ለበሰ። ከዚያ አዲስ ቴሌቪዥን ከነካርቶኑ ሲገዛ ከውስጡ የሚወጣው ነጭ ፎም፣ 60 ሴንቲ ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ቁራጭ፣ ከቀሚሱ በስተቀኝ 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ቆመ። ሪፍሌክተሩ ይኸው ነው። ፎሙ ልክ እንደ ግድግዳው ብርሃን ይመልሳል፤ ልዩነቱ የሚመልሰው ነጩን ነጭ አድርጎ መሆኑና ርቀቱ በእጅ መወሰኑ ነው። ወደ 50 ሲቀርብ የእጥፋቱ ውስጥ ይታያል፤ ወደ 90 ሲርቅ ጥላው ይከብዳል። መጀመሪያ የምግብ መጠቅለያ ፎይል በካርቶን ላይ ተለጥፎ ተሞክሮ ነበር። ፎይሉ ጠንከር ያለ ብርሃን መለሰ፤ ግን ሽብሽቡ ሁሉ ቀሚሱ ላይ ነጫጭ ሰንበር ጣለ፣ እጅ በነካው ቁጥርም ሰንበሩ ቦታ ቀየረ። በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ምስል ለሚፈልግ ሰው ፎም ይሻላል።

ከዚህ በኋላ ስልኩ ተቆለፈ። ሁሉን በእጅ ለመወሰን በሚያስችለው ፕሮ ቪዲዮ ውስጥ ስልኩ ለብርሃን ያለው ንቃት ማለትም ISO 200፣ ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበት ጊዜ ማለትም ሻተር 1/50 ሰከንድ፣ WB ማለትም ዋይት ባላንሱ ደግሞ ነጩ ወረቀት ነጭ እስኪመስል ተገፍቶ 6300K ላይ ቆመ። ሻተሩ 1/50 የሆነው በዘፈቀደ አይደለም። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ ፓውዛ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ዓይን አያየውም፣ ስልክ ግን ያየዋል። 1/50 ወይም 1/100 ከርግብግቡ ጋር ይገጥማል። 1/60 ላይ ሲደረግ ምስሉ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚንሸራተት ደብዛዛ ጥላ ይመጣል፤ ጥፋቱ የፓውዛው መስሎ የሚመልሱት አሉ።

አንድ ፈተና ቀረ። ሁሉም ተቆልፎ እያለ ፓውዛው ጠፋና ለአምስት ሰከንድ ተቀረጸ። ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ በክፍሉ ውስጥ ሌላ ብርሃን የለም ማለት ነው። በመጀመሪያው ሙከራ የቀሚሱ ቅርጽ ይታይ ነበር፤ በበሩ ሥር በኩል የጠዋት ፀሐይ ትገባለች። የተጠቀለለ ጋቢ ተደረገበት።

ቦታዎቹ ላይ ምልክት ተደረገ፤ የአሻንጉሊቱ እግር፣ የክፈፉ ሁለት እግሮች፣ የፎሙ ጠርዝ፣ የትራይፖዱ ሦስት እግሮች። በፕላስተር የተደረገው በሁለተኛው ቀን ወለሉ ሲወለወል ተላጠ፤ ስለዚህ በጥፍር ቀለም ተሠራ። ርቀቱ ደግሞ በልብስ ሰፊ ሜትር ይለካል፤ እሱ ከቤቱ ጠፍቶ አያውቅም። አጉል ጥንቃቄ እንዳይመስል፦ ክፈፉ ከ1 ሜትር ወደ 70 ሴንቲ ሜትር ቢጠጋ ቀሚሱ ላይ የሚያርፈው ብርሃን እጥፍ ለመሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። የአንድ እርምጃ ግማሽ የማይሞላ ስህተት ነጩን ቀሚስ አቃጥሎ የጥበቡን መስመር ያጠፋል።

በእያንዳንዱ ቀረጻ መጀመሪያ ላይ የታጠፈው ወረቀት ለአምስት ሰከንድ ይቀረጽና ከመጀመሪያው ቀን ወረቀት ጋር ይተያያል። በሦስተኛው ሳምንት ያዳናቸው ይህ ነው። መብራት ሄደና ቻርጅ የሚደረገው አምፖል በፓውዛው ቦታ ገባ። ለዓይን በቂ ነበር። ወረቀቱ ግን ጠቁሮ ወጣ፤ እንዲህ ያሉ አምፖሎች በባትሪ ሲሠሩ ብርሃናቸውን ይቀንሳሉ፣ ነጭነታቸውም ከፓውዛው ነጭነት ጋር አይገጥምም። ባለቤቷ ISO ከፍ ይደረግ ወይ ብለው ጠየቁ። ልጁ ቀረጻው መብራቱ እስኪመጣ ይቆይ አለ፤ ብሩህነቱን ማካካስ ቢቻልም ቀለሙ አይካካስም። ትክክል ነበር።

የማይመች ነገርም አለው። መስኮቱ ተደፍኖ፣ ፓውዛው በርቶ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ የባሕር ዳር ሙቀት በዚያች ክፍል ውስጥ ከግማሽ ሰዓት በላይ መሥራት አይቻልም። ስለዚህ ቀሚሶቹ ቀድመው ይተኮሳሉ፣ በተራ ይሰቀላሉ፣ በየአራት ቀሚሱ በሩ ይከፈታል። የሚያብረቀርቅ ክር ያለበት ቀሚስ ሲመጣ ደግሞ ክሩ አቡጀዲውን እንደ መስታወት ያሳያል፤ ያኔ ክፈፉ አይነካም፣ አሻንጉሊቱ ብቻ ባለበት ምልክት ላይ በትንሹ ይዞራል።

ወይን ጠጁ ግን እስካሁንም ከእውነተኛው ትንሽ የደበዘዘ ነው። ርካሽ ኤልኢዲ በቀይ በኩል ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ ቀይነት ያለበት ቀለም ሁሉ ይጎድልበታል፤ በስልክ ቢገፋ ነጩ ይበላሻል። ልጁ በካርቶኑ ላይ የቀለም ትክክለኛነቱ 90 እና ከዚያ በላይ የተጻፈበት መብራት ሲገኝ እንዲቀየር ነግሯቸዋል። የሚቀየር ቀን WB እንደገና በወረቀቱ ይስተካከላል፤ የማነጻጸሪያው ወረቀትም ከዚያው ቀን ጀምሮ አዲስ ይሆናል። እስከዚያው በእያንዳንዱ ወይን ጠጅ ቀሚስ ቪዲዮ ሥር «ክሩ በአካል ሲታይ ከቪዲዮው ትንሽ ይደምቃል» የሚል አንድ መስመር ይጻፋል።