እርማት፦ ጉባኤው 3:00 PM ነው

እኛ ዕድር ውስጥ ጥሪ የሚደርሰው በኢሜይል ነው። አባሉ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ተበታትኖ ስለሚኖር ጥሩምባ ነፊ ይዙርልን ብንል እንኳ ሰውየው ትራፊክ ላይ ነው የሚያልቀው። እናም ባለፈው ኦክቶበር ጸሐፊያችን የጠቅላላ ጉባኤ ጥሪ ላከ። «እሁድ ኦክቶበር 19 በ3 ሰዓት በተለመደው አዳራሽ እንገናኝ» ይላል። አጭር፣ ንጹሕ፣ ምንም የማይወጣለት።

ግማሹ አባል ሦስት ሰዓት ሲል ጠዋት ነው የገባው። ግማሹ ደግሞ፣ በተለይ እዚህ ተምረው ያደጉት፣ ከሰዓት በኋላ 3:00 PM ብለው አነበቡት። አዳራሹ የተያዘው ከ3:00 PM እስከ 6:00 PM ነበር። ኢሜይሉ የሄደው ማታ ነው፣ በማግስቱ የጸሐፊው ስልክ ይጮህ ጀመር። አንዲት እናት «ልጄ፣ ቅዳሴ ጥለን ነው እንዴ የምንመጣው?» አሉት። ሌላው እሁድ ጠዋት ሥራ ስለሚገቡ ተራ ሊቀይሩ አለቃቸውን ጠይቀዋል።

ጸሐፊው ልጅ መጀመሪያ ያሰበው የላከውን ኢሜይል መልሶ መውሰድ ነበር። ይሄ አብዛኛው ሰው የሚሞክረው ነው፣ ስለዚህ ልናገር። ጂሜይል ላይ Undo Send የሚባለው የሚሠራው ከላክህ በኋላ ለጥቂት ሰኮንድ ብቻ ነው። ካልነካካኸው 5 ሰኮንድ ነው፣ ሴቲንግ ገብተህ እስከ 30 ሰኮንድ ማድረስ ትችላለህ (አድርገው፣ ዛሬውኑ)። ከዚያ ወዲያ መልእክቱ የተቀባዩ ነው። አውትሉክ ላይ Recall የሚል አለ፣ እሱም ላኪና ተቀባይ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሲሆኑ ነው የሚያገለግለው። ግማሹ ጂሜይል፣ ግማሹ ያሁ የሚጠቀም የዕድር አባል ላይ ምንም አይሠራም። ስለዚህ የቀረው ሁለተኛ ኢሜይል መላክ ነው።

እዚህ ላይ ነው ልጁ ረቂቁን የላከልኝ። ልኮልኝ ባይሆን ኖሮ ሌላ ጣጣ ነበር። እንዲህ ይጀምራል፦

«የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ትናንት በላክሁት መልእክት ላይ በእኔ ቸልተኝነት ለተፈጠረው ከፍተኛ ስሕተትና መጉላላት ከልብ የመነጨ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በወቅቱ ሥራ በዝቶብኝ ልጅም አሞብኝ ስለነበር...»

ይቀጥላል። ስለ ልጁ ጉንፋን ይናገራል፣ ኃላፊነቱን ለሌላ ለማስረከብ ፈቃደኛ መሆኑን ይናገራል፣ እንደገና ይቅርታ ይላል። መሃል ላይ ደግሞ «አንዳንዶቻችሁ በተሳሳተ መንገድ ስለተረዳችሁት» የምትል ነገር ገብታለች። ሰዓቱ የት አለ? መጨረሻው አንቀጽ ላይ፣ ከስልክ ቁጥሩ ከፍ ብሎ።

ልጁን አልፈርድበትም። እኛ ትልቅ ሰው ፊት ያጠፋ ሰው ምን እንደሚያደርግ እያየን ነው ያደግነው። ድንጋይ ተሸክሞ የሚገባም አለ። ግን ኢሜይል ላይ ይሄ ሥራ ያበላሻል፣ ምክንያቱም ሰው ደብዳቤውን የሚያየው ስልኩ ላይ ነው፣ ያውም ከመክፈቱ በፊት። ስክሪኑ ላይ ርእሱና የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ቁራጭ ትታያለች። የእሱ ርእስ «ይቅርታ» ነበር። ከሥሩ «የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣ በቅድሚያ የከበረ...» ይላል። ይሄን ያየ አባል ሰው ሞተ ወይ ብሎ ይደነግጣል እንጂ ሰዓት ተስተካከለ ብሎ አያስብም። ዕድር ነው እኮ።

ሌላው ጣጣ መልሱ ነው። ያን ያህል ይቅርታ የተጠየቀ ሐበሻ ዝም ብሎ አይቀመጥም። «አይዞህ»፣ «ማንም ይሳሳታል»፣ «እግዚአብሔር ልጅህን ይማርልህ» እያለ ይመልሳል፣ ሁሉም ደግሞ Reply all ነው የሚጫነው። በዚህ መሃል ትክክለኛው ሰዓት ከምርቃት ሥር ይቀበራል።

ስለዚህ ቁጭ ብለን ቆራረጥነው። ከመቁረጣችን በፊት ግን አንድ ነገር አስደረግሁት፦ አዳራሹ ጋ ደውሎ ሰዓቱን እንደገና እንዲያረጋግጥ። እርማት ልከህ እርማቱም ከተሳሳተ ሦስተኛውን ማንም አያምንህም። አሥር ደቂቃ ዘግይቶ ልክ የሆነ መላክ ይሻላል። የሄደው ይሄ ነው፦

ርእስ፦ እርማት፦ የእሁዱ ጉባኤ 3:00 PM ነው

«ሰላም ለሁላችሁ። ጉባኤው እሁድ ኦክቶበር 19 ከሰዓት በኋላ በ3:00 PM ነው (በሐበሻ ከቀኑ 9 ሰዓት)። ትናንት "3 ሰዓት" ብዬ የጻፍሁት ጠዋት ይሁን ከሰዓት ግልጽ አልነበረም። ቀኑና አዳራሹ እንዳሉ ናቸው። ስላደናገርኳችሁ ይቅርታ።»

በቃ። ይቅርታዋ አንዲት ናት፣ ያለችውም መጨረሻ ላይ ነው። አትጥፋ ግን፣ ጨርሶ ከጠፋች ንቀት ይመስላል። ምክንያትም የለም፦ ልጅ ማመሙ፣ ሥራ መብዛቱ ለአንባቢው ሰዓቱን አይነግረውም። «በተሳሳተ መንገድ ስለተረዳችሁት» የሚለውን ያስወጣሁት ደግሞ ጥፋቱን ወደ አንባቢው ስለሚገፋ ነው። ላኪው «እኔ የጻፍሁት ግልጽ አልነበረም» ካለ ነገሩ እዚያው ይዘጋል።

ብዙ ሰው የሚረሳው «ቀኑና አዳራሹ እንዳሉ ናቸው» የምትለዋን ነው። አንድ ነገር ተስተካከለ ሲባል ሰው ሌላውንም ይጠራጠራል። ይህቺ ዓረፍተ ነገር ባትኖር «ቦታውም ተቀየረ እንዴ?» የሚል ስልክ እስከ እሁድ አይቆምም ነበር።

ሰዓቱ ላይ ትንሽ ተከራከርን። «9 ሰዓት» የሚለውን ከጻፍን ሌላው ደግሞ 9:00 AM ብሎ ያነበዋል አለኝ፣ እውነቱን ነው። «ከቅዳሴ በኋላ» ብሎ ሊያስገባ ፈለገ፣ ግን ዕድራችን ውስጥ ሙስሊሙም ፕሮቴስታንቱም አለ። ስለዚህ PM የምትለዋ ቁጥሩ ላይ እንድትጣበቅ፣ «ከሰዓት በኋላ» የሚለው በቃል እንዲቀድም፣ የሐበሻው «ከቀኑ» ተብሎ ቅንፍ ውስጥ እንዲገባ አደረግን። እዚህ አገር ለሐበሻ የሚጻፍ ማንኛውም ሰዓት ያለ AM እና PM መሄድ የለበትም፣ ይሄን ሕግ አድርጉት።

አላላኩ ላይም ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው ርእሱን መቀየር ነው። ጂሜይል ላይ ርእስ ከቀየርክ መልእክቱ ከአሮጌው ሥር አይገባም፣ እንደ አዲስ ብቻውን ይመጣል። ለሰዓትና ለቀን እርማት የምትፈልገው ይሄንን ነው፣ እንዲታይ። የረሳኸው ፋይል ብቻ ከሆነ ግን ርእሱን ሳትነካ እዚያው ላይ መልስና «ፋይሉ ቀርቶ ነበር፣ እነሆ» በል፣ ይቅርታም አያስፈልገውም። ሁለተኛው፣ እርማቱ ለብቻው ሲነበብ ሙሉ መሆን አለበት። አንዱ ስክሪንሹት አንስቶ ቴሌግራም ላይ ይለጥፈዋል፣ ሌላው ለእናቱ በስልክ ያነብላቸዋል። «ከላይ የተጠቀሰው ሰዓት ተስተካክሏል» ብለህ ብትልክ ከላይ ምንም የላቸውም።

አድራሻዎቹን BCC ውስጥ አስገባቸው። Reply all የተጫነ «አይዞህ» ለእሱ ብቻ ደረሰ። ስሞቹን ግን ከመጀመሪያው ኢሜይል ጋር አንድ በአንድ አስተያይተናል፣ የመጀመሪያው የደረሰው ሰው እርማቱ ካልደረሰው ምን ዋጋ አለው። ጉግል ካላንደር ላይ የለጠፈውንም አስተካከለ፤ አብዛኛው ወጣት ኢሜይሉን ረስቶ ካላንደሩን ነው የሚያምነው።

ይቅርታው የት ሄደ ላላችሁኝ፣ ስልክ ላይ ነው። ተራ ሊቀይሩ አለቃቸውን የጠየቁት ጋሼ ጋ ራሱ ደወለ። «ጋሼ፣ በእኔ ምክንያት ተቸገሩ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጠዋት ሥራዎን ይግቡ፣ ከሰዓት ነው» አላቸው። እሳቸው ተራውን ገና አልቀየሩም ነበር፣ ሳቁበት። የተጎዳ ሰው ካለ ለእሱ ለብቻው በደንብ ይቅርታ ይጠየቃል። ያልተጎዳውን ሁሉ ሰብስቦ እግሩ ሥር መውደቅ ግን ለተጎዳውም አይጠቅምም።

ገንዘብ ሲሆን አንዲት ዓረፍተ ነገር ትጨመራለች። ከአሁን በፊት የወር መዋጮ 20 ዶላር መባል ሲገባው 30 ተብሎ የሄደ ጊዜ ነበር። «ትክክለኛው 20 ዶላር ነው» ማለት አይበቃም፣ 30 የከፈለው ሰው ወዲያው ይጠይቃል። «30 የከፈላችሁ 10ሩ ለሚቀጥለው ወር ይያዝላችኋል» ካልተባለ ገንዘብ ያዣችን እንቅልፍ አይኖራትም። ስሙ አንድ ፊደል የተገደፈ እንደሆነ፣ ነጠላ ሰረዝ የጠፋ እንደሆነ ደግሞ ተዉት። ለእያንዳንዷ ግድፈት እርማት የሚልክ ሰው፣ የምር ሲሳሳት ማንም አይከፍትለትም።

ይሄ አጭር መልእክት የማይሠራበት ቦታ አለ፣ ብዙዎቻችን ሆስፒታልና ቢሮ ስለምንሠራ ልጨምረው። የሰው የሕክምና ወረቀት ወይም ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ለማይመለከተው ሰው ከሄደ ያ እርማት አይባልም። «ይቅርታ፣ አጥፉት» ብላችሁ ልካችሁ ዝም አትበሉ። አሜሪካ ውስጥ የታካሚ መረጃ በHIPAA ሕግ የተያዘ ነው፣ መሥሪያ ቤቱም ለባለቤቱ የማሳወቅ ግዴታ ሊመጣበት ይችላል፣ የጊዜ ገደብም አለው። ስለዚህ ያኔውኑ ለአለቃችሁ ወይም ለዚህ ጉዳይ ለተመደበው ሰው ተናገሩ፦ ምን እንደተላከ፣ ለማን፣ በስንት ሰዓት። ኢሜይሉን ከላካችሁበት ሳጥን አትደምስሱት፣ ይጠየቃል። ለተቀባዩ ምን እንደሚጻፍለት የሚወስኑት እነሱ ናቸው።