አንዲት «መልካም»

የድምፅ ትወና የጀመርኩ ሰሞን ነው። የቱርክ ተከታታይ ድራማ ወደ አማርኛ በሚመለስበት ስቱዲዮ አንድ ክፉ ሀብታም ሽማግሌ ደረሰኝ። ሰውዬው ወሬ አያበዛም። ሎሌው መጥቶ «ዛሬ ማታ እንጨርሰዋለን» ሲለው «ታማም» ይላል። አለቀ። ታማም በቱርክኛ «እሺ» ማለት ነው። በልቤ «ይቺማ ቡና ሳይፈላ ታልቃለች» አልኩ።

ስክሪፕቱ ላይም «እሺ» ተብሎ ተጽፏል። ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ደፍቼ ቆምኩ። ሦስት ጊዜ «ጢት» ይላል፤ አራተኛው ጢት ሊመጣ በሚገባው ቦታ ላይ የኔ አፍ ይከፈታል። ጢት፣ ጢት፣ ጢት...

«እሺ።»

«አይሆንም» አለች ዳይሬክተሯ ከመስታወቱ ማዶ። «እሱ አፉን ዘግቷል፣ አንተ ገና ጥርስህን ታሳያለህ።»

ቀስ አድርጋ ደግማ አሳየችኝ። ካሜራው የሽማግሌውን ፊት ብቻ ይዟል፤ ከንፈሩ የስክሪኑን ግማሽ ያህላል። «ታ» ሲል ይከፈታል። «ማ» ላይ ይገጥምና ይላቀቃል። መጨረሻው «ም» ላይ ጥርቅም። የኛ «እሺ» ደግሞ ከንፈር የሚያገናኝ ድምፅ የላትም፤ ስታልቅም አፍ ገርበብ እንዳለ ነው። ከጀርባው ወይም ከሩቅ ቢቀረጽ ኖሮ የፈለግሁትን ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር። እንዲህ ቀርቦ ሲታይ ግን መ፣ በ እና ፐ ያጋልጣሉ። ከጥርስ ኋላ የሚሠሩትን እነ ከ እና ገን ተመልካች የት ያያቸዋል?

(ቱርኮች አባትን «ባባ» ይላሉ፤ የኛ «አባባ» ላዩ ላይ ልክክ ይላል። እናትን «አኔ» ስለሚሉ «እማዬ» አይሆንም፣ «እናቴ» ይሻላል። እንዲህ ያለው ዕድል ሁሌ አይገኝም።)

«በቃ» አልኩ። ከፊት ገጠመ፣ ከኋላ ተከፈተ። «ይሁን» አልኩ። ከንፈሬ እንደሚስም ሰው ሞጠሞጠ። «ግድየለም» መጨረሻው ጥሩ ነበር፤ ግን ይረዝማል። ሰውዬው ጨርሶ ሲጋራውን ለኩሷል፣ እኔ ገና «የለ» ላይ ነኝ።

በመጨረሻ ዳይሬክተሯ «መልካም በል» አለች። ሰው ሊያስገድል? እንደ ዕድር ጸሐፊ? «በላ!» አለችኝ። «ታ» ላይ አፉ ክፍት ስለሆነ በትንፋሽ «እህ» እልበታለሁ፤ «መ» የሱ «ማ» ላይ ታርፋለች፤ «ም» ከ«ም» ጋር ትዘጋለች። «እህ... መልካም።»

ገጠመ! ድምፃዊ ብሆን ያጨበጭቡልኝ ነበር። ግን ምሳ ሰዓት አልፏል፣ ሆዴም ከ«ም»ዋ ጋር አብሮ ጮኸ። ያ ማይክ ደግሞ ሹክሹክታም አያመልጠውም። እንደገና!

ቀጥሎ ያልኩት ትንሽ ቀደመ። የድምፅ ባለሙያው ሁለት ፍሬም ወደ ኋላ ገፋልኝ። በሰከንድ 25 ፍሬም ስለሆነ አንዱ 40 ሚሊ ሰከንድ ነው። ለምን ለዚህች ይጨነቃል ብዬ ጠየቅሁት። ድምፅ ከምስል በ45 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ከቀደመ ሰው ይነቃል፤ ከዘገየ ግን እስከ 125 ገደማ ላያስተውለው ይችላል አለኝ። መብረቁ ቀድሞ ታይቶ ነጎድጓዱ ኋላ ሲሰማ የኖርን ሰዎች ነን፤ የዘገየ ድምፅ አይደንቀንም።

ለአንዲት ቃል ሁለት ሰዓት ፈጀሁ።

ክፍሉ የሚተላለፍበት ቀን ቤተ ዘመዱን ጠራሁ። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ፊት ለፊት ተቀመጠች። የቴሌቪዥናችን ድምፅ ደከም ስለሚል ከጎረቤት ትልቅ የብሉቱዝ ስፒከር ተዋስኩ። ድምፄ ሰፈሩን ይሙላው ብዬ ነዋ።

ሎሌው ገባ። «ዛሬ ማታ እንጨርሰዋለን።» ሽማግሌው አፉን ከፈተ፣ ገጠመ፣ ከፈተ፣ ዘጋ። ጸጥ። ከዚያ ከስፒከሩ «እህ... መልካም!»

እማዬ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ በሆዱ ነው እንዴ የሚያወራው?»

ብሉቱዝ ድምፁን ጠቅልሎ ልኮ፣ እዚያ ማዶ ተፈትቶ እስኪሰማ ጊዜ ይወስዳል። ያቺ 125 የምትባል ይቅርታ ለዚህ አልበቃችም። እኔና ባለሙያው በፍሬም የለቀምናትን ቃል በገዛ እጄ አበላሸሁት። ዘልዬ ስፒከሩን አጥፍቼ ስመለስ የሳሙና ማስታወቂያ ጀምሯል።

«ያንተ መቼ ነው የሚመጣው?» አለች እማዬ።

«አለፈ እማዬ። ያ በሆዱ የሚያወራው እኔ ነኝ።»

ለአፍታ አየችኝ። «መልካም» አለችና ስኒዋን አነሳች። ከንፈሯ ልክ በሰዓቱ ገጠመ።