ልጅ እየለመንኩ ሉፕ አስገባሁ

እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን። ለቅዱስ ገብርኤል የተሳልኩት ስለት ሰምሮልኝ ልጄን ታቅፌ ኩሉቢ ደርሼ መጣሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በእልልታ መስክሬያለሁ፤ እዚህ የምጽፈው ግን ስኳር እያለባችሁ ልጅ ለምትፈልጉ እህቶቼ ነው። ምክንያቱም ጸሎቴ የተመለሰበት መንገድ እኔ የጠበቅኩት አልነበረም።

ዓይነት 2 ስኳር አለብኝ፤ ከማግባቴ በፊት የተገኘ። ለስኳሩ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ፣ ለደም ግፊት ኢናላፕሪል፣ ለኮሌስትሮል አቶርቫስታቲን እወስድ ነበር። የመጀመሪያ እርግዝናዬ 2 ወር ሳይሞላው ወረደ። ክትትል የማደርግበት ቦታ መድኃኒቱን ይጽፉልኛል፣ ወረፋው ረጅም ነው፣ ልጅ ታስቢያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ሰፈር ውስጥ ግን ምክንያት አልጠፋም። ዓይን ነው ያሉ አሉ፣ ሾተላይ ነው ያሉም አሉ።

በታኅሣሥ 19 ንግሥ ኩሉቢ ሄጄ አልቅሼ ተሳልኩ። ከዚያ መልስ በጽዋ ማኅበራችን ያለች ነርስ ጎኔ ተቀምጣ ስታወራኝ ስኳር እንዳለብኝ ሰማች። «ከማርገዝሽ በፊት መታየት አለብሽ» ብላ ወደ አንዲት ሐኪም ላከችኝ። ለእኔ መልሱ ያን ቀን ነው የጀመረው።

ሐኪሟ የሦስት ወር ስኳር የሚባለውን፣ ያለፉትን ወራት ስኳር በአማካይ የሚያሳየውን የደም ምርመራ አሠራችኝ። 9.4 በመቶ ሆነ። «ከ10 በላይ ቢሆን ኖሮ ጨርሶ እንዳትሞክሪ እልሽ ነበር» አለችኝ። የምንፈልገው ከ6.5 በታች ነው፤ እሱም ስኳርሽ ቶሎ ቶሎ ሳይወርድብሽ ከሆነ። የልጁ ልብ፣ አንጎልና አከርካሪ በአብዛኛው የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት ነው። የወር አበባሽ ቀርቶ፣ ጠርጥረሽ፣ ተመርምረሽ፣ ካርድ አውጥተሽ ሐኪም ፊት እስክትቀርቢ ያ ጊዜ አብዛኛው አልፏል። ስለዚህ ስኳሩ መስተካከል ያለበት ከእርግዝናው በፊት ነው። የወረደው ልጅ በስኳሩ ምክንያት ይሁን ብዬ ጠየቅኳት። ስኳር የሌለባቸውም ይወርድባቸዋል፣ ያንቺን በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፣ ግን ከፍ ያለ ስኳር አደጋውን ይጨምራል አለችኝ። እውነቱን ስለነገረችኝ አመንኳት።

ከዚያ የከበደኝ ነገር መጣ። «እስኪስተካከል መከላከያ ያስፈልግሻል።» ልጅ ስጠኝ ብዬ ተስዬ መጥቼ መከላከያ! የሦስት ወሩን መርፌ አልመከረችኝም፤ ካቆሙት በኋላ ለማርገዝ ወራት ሊያዘገይ ይችላል። ግፊት ስላለብኝ የተለመደው እንክብልም አይሆነኝም። ማኅፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ይሻልሻል፣ በወጣ ጊዜ ማርገዝ ትችያለሽ አለችኝ። አስገባሁ። እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን ያወቅነው። አማቴ በየሳምንቱ ሆዴን ሲያዩ እሳቸውን ማየት ራሱ ፈተና ነበር።

መድኃኒቶቹ አንድ በአንድ ተቀየሩ። ግሊቤንክላማይድ ወደ ልጁ ያልፋል፣ ሲወለድም ስኳሩን ሊያወርድበት ስለሚችል ቆመ፤ በምትኩ ኢንሱሊን ገባ። ሜትፎርሚን ቀጠለ። ኢናላፕሪል የፅንሱን ኩላሊት ስለሚጎዳ በሜቲልዶፓ ተተካ (የመጀመሪያ ሰሞን ድብን ያለ እንቅልፍ ይዞኝ ነበር)። አቶርቫስታቲንም ቆመ። ፎሊክ አሲድ ደግሞ 5 ሚሊግራም በቀን ታዘዘልኝ። ይቺን ልብ በሉ፤ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው ከብረት ጋር የተቀላቀለው እንክብል ውስጥ ያለው 0.4 ሚሊግራም ብቻ ነው። ስኳር ላለባት ሴት የሚመከረው መጠን ከፍ ያለ ነው፤ የሚጀመረውም ከመፀነስ በፊት ሲሆን እስከ 12ኛው ሳምንት ይወሰዳል። በራሳችሁ ግን ምንም መድኃኒት አታቁሙ፤ ግፊቱን ወይም ስኳሩን ያለ ምትክ መልቀቅ ሌላ ጣጣ ነው።

ስኳሩን ከማጥበቋ በፊት ዓይኔን አስመረመረችኝ። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ አድርገው ውስጡን አዩት፤ ትንሽ ምልክት ተገኘ። ለብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ የኖረ ስኳር ድንገት ሲወርድ እንዲህ ያለው የዓይን ችግር ሊባባስ ይችላል። ስለዚህ ቀስ ብለን ነው ያወረድነው፣ ዓይኔም እንደገና ታየ። ለኩላሊት ሽንትና ደም ሰጠሁ፣ ደህና ነበር።

ኢንሱሊኑ ኤንፒኤች በሚባለው ዓይነት፣ ማታ በ10 ዩኒት ተጀመረ። ጠዋት ስለካው ከልክ በላይ ከሆነ በየ3 ቀኑ 2 ዩኒት እጨምራለሁ። በኋላ ከምግብ በፊት ሬጉላር የሚባለው ኢንሱሊን ተጨመረ። ጠዋት ሳልበላ ከ90 እስከ 126 መሆን ነበረበት። የመለኪያው ስትሪፕ ዋጋ ናላ ያዞራል፤ የዓመት በዓል ልብስ ቀርቶ ስትሪፕ ተገዛ።

አንድ እሑድ ቅዳሴ ላይ ጉድ ሆነ። የማታው መጠን 22 ደርሶ ነበር፣ ቅዳሴው ረዘመ፣ ምንም አልቀመስኩም። ላብ አጠመቀኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ሰው ሲያናግረኝ አልመልስም። አጠገቤ የነበሩ እናት መንፈስ ነው ብለው «ልቀቃት!» እያሉ ጠበል ሊረጩኝ ተነሡ። ባለቤቴ ከወንዶች በኩል ሮጦ መጥቶ ለካኝ፤ 54። በውኃ የተበጠበጠ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር አጠጣኝ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ 78 ሆነ፣ ከዚያ ዳቦ በላሁ። ከ70 በታች ሲሆን እንዲህ ነው የሚደረገው። ሐኪሟ የማታውን ወደ 18 አወረደችው።

የንስሐ አባቴ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ፤ በእኔ ሳይሆን እንድጾም በሚያስጨንቁኝ ሰዎች። «ጠበሉንም ጠጪ፣ መድኃኒቱንም ውሰጂ፣ ሁለቱም ከእግዚአብሔር ናቸው። በጾም ከሥጋና ከወተት ተለዪ፣ ሰዓቱን ግን ተዪው» አሉኝ። ፍልሰታን እንደዚያው ጾምኩ። እንባዬን ግን ማንም አልከለከለኝም፤ ሌሊት ሌሊት ተነሥቼ ስኳሬን እለካለሁ፣ ተንበርክኬ እጸልያለሁ።

9.4 የነበረው 7.5 ገባ። ሉፑን አስወጥቼ ቶሎ ለማርገዝ መሮጥ አማረኝ፣ ሐኪሟ ቆይ አለችኝ። በሚቀጥለው ምርመራ 6.3! ወረቀቱን ይዤ ክሊኒኩ በር ላይ እልል አልኩ፣ ዘበኛው ሎተሪ የደረሰኝ መስሎት ነበር። ሉፑ ወጣ። እግዚአብሔርም ሳይዘገይ ሰጠኝ።

እርግዝናው ላይ ልኩ ይበልጥ ጠበቀ፤ ጠዋት ከ95 በታች፣ ከምግብ 2 ሰዓት በኋላ ከ120 በታች። መጀመሪያ ላይ ኢንሱሊኑ ትንሽ ይበቃኝ ነበር፣ ከአጋማሹ በኋላ ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። በ38ኛው ሳምንት ወንድ ልጅ ተገላገልኩ። ተረከዙን ወግተው ስኳሩን ለኩት፣ ደህና ሆነ። የእኔም ኢንሱሊን ያኑ ቀን በጣም ቀነሰ። አሁን እያጠባሁ ነው፤ ኢናላፕሪል ተመልሶልኛል፣ አቶርቫስታቲን ግን ጡት እስካስጥል ይቆያል።

አማቴ ሁለተኛውስ ማለት ጀምረዋል። አሁን ሁሉን ነግሬያቸዋለሁ፤ «መጀመሪያ የሦስት ወር ስኳሬ ይታያል» ስላቸው «እሺ፣ ገብርኤል ያውቃል፣ ስትሪፑን እኔ እገዛለሁ» አሉኝ።