ከስክሪንሾት ላይ ፎንት መለየት፦ አንድ ፍላየርና Nyala

ትንሽ ለመኩራራት ነው የምጽፈው። ሰሞኑን አንድ ፍላየር ላይ አንድ መስመር ቀይሬ ነበር። ደንበኛዬ የቱ አዲስ፣ የቱ አሮጌ እንደሆነ መለየት አቃታቸው። ጅማ ውስጥ ጽሕፈትና ህትመት የምትሠሩ ልጆች ሁሉ ይህ ሥራ በየጊዜው ይመጣባችኋልና መንገዱን ላካፍላችሁ።

ሴትዮዋ መምህርት ናቸው፤ የክረምት ማጠናከሪያ ያስተምራሉ። የአምናው ፍላየር ፋይል የለም። የሠራላቸው ልጅ ከተማ ለቋል። ያላቸው በቴሌግራም የተላከ ስክሪንሾት ብቻ ነው። "ቦታው ከጅሬን ወደ ሂርማታ ተቀይሯል፣ ቀኑ ነሐሴ 3 ይሁን፣ ሌላው እንዳለ ይቆይልኝ" አሉኝ።

እንዲህ ሲባል ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናስበው ፊደል ከዚያው ስክሪንሾት ቆርጦ መለጠፍ ነው። በላቲን 26 ፊደል ስለሆነ ዕድል አለው። በእኛ ፊደል ግን ከሁለት መቶ በላይ ቅርጽ አለ። አሮጌው ወረቀት ላይ "ሂ" የለም፣ "ሴ" የለም። ስለዚህ ፎንቱን ማግኘት ግድ ነው።

ፒዲኤፍ ካለ ነገሩ ቀላል ነው። አክሮባት ሪደር ላይ ከፍታችሁ Properties ውስጥ Fonts የሚለውን ስትጫኑ ስሙን ይነግራችኋል። ደንበኛው ቢያንስ ምስሉን በፎቶ ሳይሆን በፋይል መልክ እንዲልክ ጠይቁ፤ ቴሌግራም ፎቶ ሲልክ ያሳንሰዋል፣ የፊደሉም ጠርዝ ይደፈርሳል። እኔ ሁለቱንም አላገኘሁም።

አሁን ዋናው ነገር። ፎንት የሚለዩ ድረ ገጾች ላይ አማርኛውን ብጭን የሚመልሱልኝ ከፊደላችን ጋር የማይገናኝ የላቲን ፎንት ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር ጫንኩ። የጅማ ፍላየር ብዙ ጊዜ ሁለት ቋንቋ አለው፤ ከአማርኛው በታች በቁቤ የተጻፈ የአፋን ኦሮሞ መስመር ነበር። እሱን ብቻ ቆርጬ WhatTheFont ላይ ስጭነው Calibri አለኝ።

ይቺ መልስ ከምትመስለው በላይ ትናገራለች። Calibri ከ2007 ጀምሮ ለብዙ ዓመት የወርድ ነባሪ ፎንት ነበር። ማንም ደክሞ አይመርጠውም፤ ሳይነኩት ሲቀር ነው የሚገኘው። እንግዲያው ፍላየሩ በወርድ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ወርድ ደግሞ አማርኛ ስትጽፉለት የራሱ ምርጫ አለው። በዚያ ዘመን የተሠራ የዶክኤክስ ፋይል ወደ ዚፕ ቀይራችሁ theme1.xml የሚለውን ብትከፍቱ ይህን መስመር ታገኛላችሁ፦

```
<a:font script="Ethi" typeface="Nyala"/>
```

ለኢትዮጵያ ፊደል Nyalaን ተጠቀም ማለት ነው። ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ "ከመቶው ፎንት የቱ ነው?" ብሎ መጀመር ጊዜ ማባከን ነው። "በምን ተሠራ?" ብላችሁ ጀምሩ። በአንድሮይድ ስልክ የተሠራና ፎንቱ ያልተመረጠ ከሆነ መጀመሪያ Noto Sans Ethiopicን ሞክሩ። ማክ ላይ ከሆነ Kefaን። ዊንዶውስ ላይ ከሆነ Nyala ወይም Ebrima። Ebrimaን ለመለየት ዓይን ይበቃል፤ መስመሩ ሁሉ ውፍረቱ ተቀራራቢ ነው። Nyala በብዕር የተጻፈ ይመስል ወፍራምና ቀጭን አለው።

ያዝኩት ብዬ ወርድ ስከፍት Nyala ዝርዝሩ ውስጥ የለም! ኮምፒውተሬ አዲስ ነው። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ Nyala ከሲስተሙ ጋር በቀጥታ አይመጣም። ሴቲንግ ውስጥ Optional features ገብታችሁ Ethiopic Supplemental Fonts የሚለውን መጨመር አለባችሁ። የድሮ ፋይል አዲስ ማሽን ላይ ሲከፈት መልኩ የሚለወጠው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፤ ወርድ ዝም ብሎ Ebrimaን ይተካበታል፣ ሳጥኑ ላይ ግን የድሮው ስም ተጽፎ ይቆያል። የሳጥኑን ስም አትመኑ።

ከተጫነ በኋላ "ምዝገባ" ብዬ ጻፍኩ። አልገጠመም። የፍላየሩ ወፍራምና ጠባብ ነው። እዚህ ላይ ነው ሰው ተስፋ ቆርጦ ሌላ ፎንት መፈለግ የሚጀምረው።

ውፍረቱን በመጀመሪያ። Nyala አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው፤ እውነተኛ ቦልድ የለውም። B ስትጫኑ ወርድ ራሱ ያደልበዋል። ምልክቱም ይታወቃል፦ ቀጭኑም ወፍራሙም መስመር በተቀራራቢ መጠን ይጨምራል፣ ስለዚህ ልዩነታቸው እንደ በፊቱ ጎልቶ አይታይም፤ የ"ወ" እና የ"ጨ" ክፍተት ይታፈናል። የፍላየሩ እንዲያ ነበር። እውነቱን ለመናገር ይህን የውሸት ቦልድ አልወደውም፤ ግን ከአሮጌው ጋር የሚመሳሰለው እሱ ስለሆነ ተጠቀምኩት። ፎቶሾፕም የራሱ የውሸት ቦልድ አለው፣ ከወርዱ ጋር ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ አዲሶቹን ቃላት እዚያው ወርድ ላይ ጽፌ ፒዲኤፍ አደረግሁና ጊምፕ ላይ ከፈትኩ።

ጥበቱ ደግሞ በልኬት ይፈታል። ቃል ሳይሆን አንድ ፊደል ለኩ፤ ቃል ከለካችሁ በፊደላት መካከል ያለው ክፍተት ያሳስታችኋል። ስክሪንሾቱ ላይ "ባ" ቁመቱ 50 ፒክስል፣ ወርዱ 36 ነበር። የእኔ "ባ" በዚያው ቁመት ወርዱ 45 ሆነ። 36 ለ45 ሲካፈል 0.8 ነው። "ም"ን ለካሁ፦ 40 እና 50፣ ያው 0.8። ሁለት ፊደል አንድ ቁጥር ከሰጠ ፎንቱ ያው ሆኖ የተጨፈለቀ መሆኑ አይቀርም። ቁጥሩ ከፊደል ፊደል ከተለያየ ፎንቱ ሌላ ነው። የፊደሉ ወርድ እኩል ሆኖ ቃሉ ብቻ ካጠረ ደግሞ የተነካው ክፍተቱ ነው። ወርድ ላይ Ctrl+D፣ ከዚያ Advanced፣ ከዚያ Scale 80% አደረግሁ።

ማረጋገጫው ጊምፕ ላይ ነው። አዲሱን ጽሑፍ በአሮጌው ላይ አስቀምጣችሁ የሌየሩን ሞድ Difference አድርጉት። የገጠመው ይጠቁራል፣ ያልገጠመው ያበራል። በ"ለ" እና በ"በ" አትርኩ፤ እነሱ በብዙ ፎንት ይቀራረባሉ። በ"ጨ"፣ በ"ፀ"፣ በ"ኞ" ሞክሩ። ጠባብ ቦታ ላይ ብዙ መስመር መክተት ስላለበት ፎንት ሠሪው ሁሉ የየራሱን መላ የሚፈጥረው እነሱ ላይ ነው። የእኔው "ከሰኞ" የሚለው ላይ ጠርዙ ብቻ በስሱ አበራ፤ እሱም የምስሉ መደፍረስ ነው። አዲሱን ጽሑፍ በግማሽ ፒክስል ብዥ ሳደርገው ተመሳሰለ።

አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ቃል ብቻ አትቀይሩ፣ መስመሩን በሙሉ እንደገና ጻፉት። አሮጌና አዲስ ቃል ጎን ለጎን ሲቆሙ ዓይን ወዲያው ይይዛል። መስመር ለመስመር ግን ይታለፋል።

ይህ መንገድ የማይሠራበትም አለ። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተሠራ ባነር ከመጣ ማሽናችሁ ላይ ያሉት ፎንቶች ላይገጥሙ ይችላሉ። ፒዲኤፉ ካለ መለየት ይቻላል፤ ጽሑፉን ኮፒ አድርጋችሁ ስትለጥፉት የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ይወጣል። እንዲህ ያለውን እኔ አላሳድደውም። ዋጋውን ተነጋግሬ ሙሉውን በ Noto Serif Ethiopic እንደገና እሠራዋለሁ፤ ቢያንስ እውነተኛ ቦልድ አለው። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ላይ "ይቺን ቀን ብቻ ቀይርልኝ" የሚል ከመጣ ደግሞ ፎንቱን ባውቀውም አልነካውም።