ጣሪያው የትኛው ሳጥን ይግባ?

የምሠራው ቡሬ አካባቢ ባለ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ነው። ግንቦት ላይ ወከባችን ሌላ ነው። በቆሎ ሊዘራ ነው፣ ማዳበሪያ ይገባል፣ ይወጣል፣ ስልኩ አያርፍም። ሰኔ 30 ደግሞ ሒሳብ ይዘጋል።

አንድ ሰኞ ሥራ አስኪያጁ የሁላችንንም የሥራ ዝርዝር ሰበሰበና አንድ ሰፊ ወረቀት አራት ቦታ ከፈለ። ዘዴው በአሜሪካው ፕሬዚዳንት በአይዘንሃወር ስም ይጠራል። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1954 ባደረጉት ንግግር፣ ችግሮች አጣዳፊና አስፈላጊ ተብለው እንደሚለዩ የአንድ የቀድሞ የኮሌጅ ኃላፊ አባባል ጠቅሰው ነበር። አራቱን ሳጥን የሠሩት ግን በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው።

አጣዳፊም አስፈላጊም የሆነውን ወዲያው ትሠራዋለህ። አስፈላጊ ሆኖ ለማያጣድፈው ቀን ትቆርጥለታለህ። የሚያጣድፍ ግን እምብዛም የማይጠቅም ከሆነ ለሌላ ሰው ትሰጠዋለህ። ሁለቱንም ያልሆነውን ትሰርዘዋለህ።

ሥራ አስኪያጁ ሁለቱን ጥያቄ አንድ ላይ አያነሳም። መጀመሪያ «ይኼ ባይሠራ ማን ይጎዳል?» ይላል። ከዚያ «እስከ መቼ ይቆያል?» አብሮ ከተጠየቀ የሚጮኸው ሥራ ሁሉ አስፈላጊ ይመስላል። የዕለቱ የስርጭት ሪፖርት እንዲህ ተጋለጠ። ቀኑን ሙሉ ይጨቀጭቀናል፣ ግን ቁጥሩን ከክምችት ካርድ መገልበጥ ብቻ ነው። ለአዲሱ ጸሐፊ ተሰጠ። የማኅበሩን ሰሌዳ ቀለም መቀባት ደግሞ ከዝርዝሩ ተሰረዘ።

ክርክሩ የተነሳው በመጋዘኑ ጣሪያ ላይ ነው። በአንድ ጥግ ቆርቆሮው ተቀዷል። ክረምቱ ገና ስላልከረረ ሁላችንም ሁለተኛው ሳጥን ይግባ አልን።

የመጋዘን ኃላፊዋ ግን አንገቷን ነቀነቀች። «ልጄ፣ የዩሪያው መኪና መቼ ነው የሚመጣው?»

«ሐሙስ ነው፣ እትዬ።»

«ታዲያ ጆንያው እዚያ ጥግ ከተደረደረ በኋላ መሰላል የት ላቆም ነው?»

ዝም አልን። ዩሪያ እርጥበት ይስባል። ከረጠበ ይጓጉላል፣ ገበሬው ማሳው ላይ አስተካክሎ ሊበትነው አይችልም። እኛ የጣሪያውን ቀነ ገደብ ከዝናቡ ጋር አስረነው ነበር። እውነተኛው ቀነ ገደብ ግን መኪናው ነበር። አንዱ ሥራ ሌላውን የሚዘጋበት ከሆነ፣ የተዘጋው ሥራ ቀን የሚቆጠረው ከዘጊው ነው። ጣሪያው ወደ አንደኛው ሳጥን ተሻገረ፣ ረቡዕ ቆርቆሮው ተቀየረ።

የሰኔው ቆጠራ ሁለተኛው ሳጥን ቀረ። እሱም ቢሆን ስሙ ብቻ አልተጻፈም፤ ቀኑና ኃላፊው አብረው ሰፈሩ። ቀን ያልተቆረጠለት ቆጠራ ሰኔ 28 ላይ እሳት ሆኖ ይመጣል።

ያልሠራልን ሦስተኛው ሳጥን ነው። ከበላይ የሚደወለውን ስልክ ለጸሐፊ ማስተላለፍ አይቻልም፣ ኃላፊውን ነው የሚፈልጉት። ለእሱ በቀን አንድ ሰዓት ለይተን፣ በዚያ ሰዓት ቁጥሩን ቀድመን እየደወልን መናገር ጀመርን። ስልኩ ቀነሰ እንጂ አልቆመም።

የሐሙሱ መኪና የደረሰው ዓርብ ማታ ነው። የሰሌዳው ቀለም እስከ ዛሬ አልተቀባም፤ የጠየቀም ሰው የለም።